ቁም ሳጥን ለአናጢ ከማዘዝ በፊት

ጥያቄ፦ «በሁለት ግድግዳ መካከል የሚገባ ቁም ሳጥን ላሠራ ነው። ልኬቱን እንዴት ልውሰድ? ከአናጢው ጋርስ ምን ልነጋገር?»

ወንድሜ፣ ወርዱን ከታች፣ ከመሃልና ከላይ ለካና ትንሹን ቁጥር ያዝ፤ ግድግዳ ቀጥ ያለ የሚመስለው ለዓይን ብቻ ነው። ከዚያም ላይ 2 ሳንቲሜትር ያህል ቀንስ። ጥልቀቱ ከ55 እስከ 60 ሳንቲሜትር ካልሆነ ኮት የተሰቀለበት መስቀያ በሩን አያስዘጋም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቁመቱ ላይ ነው። ኮርኒሱ 240 ሳንቲሜትር ላይ ነው እንበል። 238 ቁመትና 60 ጥልቀት ያለው ሳጥን መሬት ላይ ተጋድሞ ከተገጣጠመ፣ ሲያቆሙት ማዕዘኑ 245 ይደርሳልና ኮርኒሱን ይመታል። የእኔ እንዲህ ሆኖ በመጋዝ ተቆርጧል! ወይ ቁመቱን 230 አድርገው፣ ወይ የላይኛው ክፍል ለብቻው ተሠርቶ ይጫን።

እንጨቱን በስም ብቻ አትዘዝ፤ «ኤምዲኤፍ፣ 18 ሚሊሜትር» ብለህ ውፍረቱን አጽፍ። መደርደሪያው ከ80 ሳንቲሜትር በላይ ከረዘመ በልብስ ክብደት ይጎብጣል፤ መሃሉ ላይ ድጋፍ ይኑረው። እርጥበት ያለበት ግድግዳ ከሆነ ጀርባው ከግድግዳው ትንሽ ይራቅ።

ንድፉን ከነልኬቱ ሁለታችሁም ፈርሙበት። ማጠፊያ፣ ቁልፍና እጀታ የሚገዛው ማን እንደሆነ፣ ማጓጓዣና መግጠሚያ ዋጋው ውስጥ መኖሩን እዚያው ጻፉ። የመጨረሻውን ክፍያ በሮቹና መሳቢያዎቹ ቤትህ ተገጥመው ሳይነካኩ ሲዘጉ ስጠው።