ቀን ቁረጥ ሲሉህ ያለፉትን ሳምንታት ቁጠር

«ደንበኛው አፑ የሚወጣበትን ቀን ቁርጡን ንገረኝ እያለ አስጨንቆኛል። እናንተ እንዴት ነው የምትገምቱት?»

እኔ አንድ ቀን መስጠት ትቻለሁ። አንዴ በሁለት ወር ያልቃል ብዬ አራት ወር ፈጅቶብኝ ሰው ፊት መቆም አቅቶኝ ነበር።

እንጅባራ ውስጥ አራት ሆነን ለአንድ የቁጠባ ማኅበር አፕ ስንሠራ፣ የካቲት ማለቂያ ላይ 40 ታስክ ቀረን። ያለፉትን 10 ሳምንታት አየን። በየሳምንቱ ተፈትሾ ያለቀው 5፣ 3፣ 6፣ 2፣ 4፣ 0፣ 5፣ 3፣ 7፣ 4 ነበር። «ሊያልቅ ትንሽ ቀረው» የሚባለውን አልቆጠርንም። ዜሮዋ ጥር 23 ያለችበት ሳምንት ናት፤ የፈረሰኞች በዓል እያለ ማን ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል? አንዱ ልጅ እናውጣት አለ፣ እኔ እምቢ አልኩ። ከፊታችን ፋሲካ አለ፣ መብራትም ይጠፋል።

አማካዩ 3.9 ስለሆነ 40ው በ10 ሳምንት ገደማ ያልቃል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቀን ይቆርጣል። እኛ ግን አሥሩን ቁጥር ቆብ ውስጥ ከትተን ዕጣ እንደማውጣት አደረግነው፦ አንዱን ታወጣለህ፣ ትመዘግባለህ፣ መልሰህ ትከተዋለህ። 12 ጊዜ ስታወጣ የ12 ሳምንት ሥራ ሆነ። ይህን 1000 ጊዜ ኤክሴል ይሠራልሃል። ቁጥሮቹን ከA1 እስከ A10 አስገባና ይህን B1 ላይ ጽፈህ እስከ M1000 ኮፒ አድርግ፦

```
=INDEX($A$1:$A$10,RANDBETWEEN(1,10))
```

N ላይ የየረድፉን ድምር አውጣ፣ ከዚያ 40 የደረሱትን ቁጠር፦

```
=COUNTIF(N1:N1000,">=40")/1000
```

የ12 ሳምንቱ 86 በመቶ ገደማ መጣ። ለ10 ሳምንት ዓምዱን ቀንሰን ስናየው 47 ብቻ! ያቺ በአማካይ የተቆረጠች ቀን ሳንቲም ከመወርወር አትሻልም ማለት ነው።

ትልቁ ስህተታችን ግን 40ው 40 ሆኖ ይቀራል ማለታችን ነበር። የድሮውን ስናይ ከ10 ታስክ ጋር ሁለት ያህል አዲስ ይወለዳል፣ ደንበኛው «ይቺንም ጨምሩልኝ» ይላል፣ አንዱ ታስክ ሲከፈት ሁለት ሆኖ ይገኛል። 48 አድርገን ስንደግመው የ12 ሳምንቱ ወደ 46 በመቶ ወረደ፣ 84 የሆነው 14 ሳምንት ላይ ነው።

ለደንበኛው «ከግንቦት 24 እስከ ሰኔ 8 ባለው ጊዜ ይወጣል፤ የመጀመሪያዋ ቀን ግማሽ በግማሽ ናት፣ ለሰው ቃል የምትገባ ከሆነ ሁለተኛዋን ያዝ» አልኩት። መጀመሪያ ፊቱ ጠቆረ፣ ወረቀቱን ሳሳየው ግን ዝም አለ። በየሁለት ሳምንቱ አዲሱን ቁጥር ጨምረን ደግመን እናሰላለን፤ ሚያዝያ ላይ አንድ ልጅ ሲለቅብን ግን የድሮው ቁጥር ለሦስት ሰው ስለማይሆን በሁለቱ ቀኖች መካከል ያለውን ጊዜ አስፍተን ያኑ ዕለት ለደንበኛው ነገርነው። ሰኔ 1 ወጣ።