ከጥቅል መልስ በኋላ የሚጻፈው ሁለተኛው ጥያቄ

ውድ ወጣቶች፣

ፎቶ ልካችሁ «ይህ ምንድን ነው?» ብላችሁ ኤአይን ስትጠይቁ የሚመጣው የመጀመሪያ መልስ ብዙ ጊዜ ለማንም የሚሆን፣ ለእናንተ ግን የማይበቃ ነው። የግድግዳ ስንጥቅ እንውሰድ። ፎቶው ክፍሉን በሙሉ ይዟል፦ ሶፋ፣ መጋረጃ፣ መስኮት፣ ከመስኮቱ የላይኛው ቀኝ ጥግ ተነስቶ በሰያፍ ወደ ጣሪያው የሚወጣ ቀጭን ስንጥቅ። መልሱ ክፍሉ ብርሃን እንዳለው፣ ግድግዳው ነጭ እንደሆነ፣ ስንጥቅም እንደሚታይ ይዘረዝራል። ከዚያ ስንጥቅ በልስን መድረቅ፣ በእርጥበት፣ በሙቀት መለዋወጥ ወይም በመሠረት መስመጥ ሊመጣ እንደሚችል ይነግርና ባለሙያ አማክሩ ብሎ ይዘጋል። ስህተት አታገኙበትም፤ ግን ሁለተኛው ግማሹ ፎቶው ባይላክም ሊጻፍ ይችል ነበር። መልስ ጥቅል መሆኑን የምታውቁትም በዚህ ነው፤ ፎቶውን ብታወጡት መልሱ ምንም አይጎድልበትም።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁ የምትጽፉት «በደንብ አይተህ በዝርዝር አስረዳኝ» የሚል ነው። ይህን አትጻፉ። «በዝርዝር» ማለት «በርዝመት» ተብሎ ይተረጎማል፤ የሚመጣው መልስ የሶፋውን ቀለምና የመጋረጃውን አጣጣል ይጨምርላችኋል፣ የስንጥቅ መንስኤዎችንም ከአራት ወደ ስምንት ያበዛቸዋል። የጎደለው ርዝመት ሳይሆን ልየታ ነው። ኤአይው ከፎቶው ውስጥ የቱ ነገር ለእናንተ ጉዳይ እንደሆነ ማወቂያ መንገድ የለውም፤ ያንን የሚያውቀው የጠየቀው ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ ሁለተኛው መልእክት በቅድሚያ ቦታውን ይጠቁም፤ የማይፈለገውንም በስሙ ጠርቶ ያውጣ። ቦታ ስትጠቁሙ «በቀኝ በኩል» ብቻ ብላችሁ አትለፉ። ቀኝና ግራ ላይ እነዚህ ፕሮግራሞች ይስታሉ፤ በፎቶው ውስጥ ሰው ካለ ደግሞ የተመልካቹ ቀኝ ይሁን የሰውየው ቀኝ አይለይም። ቦታውን በፎቶው ውስጥ ካለ፣ አንድ ብቻ ከሆነ ነገር ጋር እሰሩት፦ «ከመስኮቱ የላይኛው ጥግ ተነስቶ ወደ ጣሪያው የሚወጣው ስንጥቅ»። በፎቶው ቅጂ ላይ በቀይ ማክበብም ይሠራል። ክቡ ግን ስንጥቁን መንካት የለበትም፤ ከነካው ቀዩን መስመር እንደ ግድግዳው አካል አድርጎ ሊገልጸው ይችላል።

ቀጥሎ ፎቶው የማይናገረውን እናንተ ተናገሩ። ግድግዳው ከምን እንደተሠራ ከቀለም በታች አይታይም። የስንጥቁን ስፋት ያለ ማስመሪያ ከፎቶ መገመት አይቻልም። መቼ እንደታየ፣ ከግድግዳው ማዶም ይታይ እንደሆነ፣ ቤቱ መቼ ቀለም እንደተቀባ ካሜራ አይዘውም። እነዚህ ሦስት አራት ዓረፍተ ነገሮች ናቸው፤ ከመንስኤዎቹ ዝርዝር ውስጥ ግማሹን የሚያስወጡት ግን እነሱ ናቸው። የቀለሙን ነገር ለምን እንዳነሣሁ ልንገራችሁ፦ በስንጥቁ ውስጥ ቀለም ከገባ ስንጥቁ ከመጨረሻው ቅብ በፊት የነበረ ነው። ጠርዙ ንጹሕ ሆኖ ውስጡ ቀለም ከሌለው ግን ከቅቡ በኋላ የመጣ ወይም የሰፋ ነው።

ከዚያ ልትወስኑ የምትፈልጉትን ጻፉ። «ስለዚህ ስንጥቅ ምን ታስባለህ?» ማለትና «ዝም ብዬ ልስኑን ጠግኜ ልቀባው ወይስ መጀመሪያ መሃንዲስ ልጥራ?» ማለት በጣም ይለያያሉ። የመጀመሪያው ትምህርት ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ሁለቱን መንገዶች የሚለየውን ምልክት ፍለጋ ወደ ፎቶው እንዲመለስ ያስገድደዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ እሱም የመልሱ ቅደም ተከተል ነው። ኤአይ መልሱን አንዱን ቃል ከሌላው እያስከተለ ከመጀመሪያ ወደ መጨረሻ ነው የሚጽፈው። መጀመሪያ የጻፈው ቀጥሎ የሚጽፈውን ይመራዋል። «መንስኤው የመሠረት መስመጥ ይመስላል» ብሎ ከጀመረ፣ ከዚያ በኋላ ስለ ስንጥቁ የሚሰጠው መግለጫ ለዚያ መንስኤ ደጋፊ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ የሚታየውን አስቀድሞ፣ ግምቱን አስከትሎ እንዲጽፍ እዘዙት። ሦስተኛ ክፍል ደግሞ ጨምሩ፦ ከዚህ ፎቶ ማየት የማይቻለውን ነገር። ይህን ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ካልጠየቃችሁት ግን የማያየውን ቦታ በተለመደ ነገር ሞልቶ ይሰጣችኋል፤ እናንተም ያየው ይመስላችኋል።

ሁሉም ሲገጣጠም እንዲህ ይሆናል፦

«ሶፋውን፣ መጋረጃውንና የክፍሉን ሁኔታ ተወው። ከመስኮቱ የላይኛው ጥግ ተነስቶ ወደ ጣሪያው የሚወጣውን ስንጥቅ ብቻ ተመልከት። ግድግዳው ብሎኬት ነው፤ ላዩ ተለስኖ ተቀብቷል። ስንጥቁ በጣም በሰፋበት ቦታ በማስመሪያ 1 ሚሊ ሜትር ነው። ያየሁት ከሦስት ወር በፊት ነው፤ ከውጭ በኩል ያለውን ገና አላየሁም። ልወስን የምፈልገው ልስኑን ጠግኜ ልቀባው ወይስ መጀመሪያ መሃንዲስ ልጥራ የሚለውን ነው። በቅድሚያ በፎቶው ላይ የምታየውን ብቻ ጻፍ፦ ስንጥቁ ቀጥ ያለ ነው ወይስ ደረጃ እየሠራ የሚሄድ? ወደ ላይ ይሰፋል ወይስ ወደ ታች? ሁለቱ ጠርዞች እኩል ናቸው ወይስ አንደኛው ወጣ ብሏል? ከዚያ እነዚህ ምልክቶች ወደ የትኛው ውሳኔ እንደሚያደሉ ንገረኝ። በመጨረሻ ከዚህ ፎቶ መለየት ያልቻልከውንና ለመለየት ምን ዓይነት ፎቶ ወይም ልኬት እንደሚያስፈልግህ ንገረኝ።»

ጥያቄዎቹ እንዴት እንደተመረጡ አስተውሉ። ደረጃ እየሠራ የሚሄድ ስንጥቅ የብሎኬቶቹን መጋጠሚያ ተከትሎ የሚሄድ ስለሆነ ጉዳዩ ከልስኑ አልፎ ግድግዳው ራሱ መንቀሳቀሱን ይጠቁማል። ፀጉር የሚያክል፣ አቅጣጫው የተዘበራረቀ ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ የልስን መድረቅ ነው። አንደኛው ጠርዝ ከሌላው ወጣ ካለ ደግሞ ስፋቱ ትንሽ ቢሆን እንኳ መሃንዲስ ሳያየው ልስን አይነካም። እያንዳንዱ ጥያቄ አንድን ውሳኔ ከሌላው የሚለይ ምልክት ይፈልጋል። የማታውቁት ሙያ ከሆነና ምልክቶቹን ካላወቃችሁ፣ ያለ ፎቶው «እነዚህን ሁለት ነገሮች በዓይን የሚለዩአቸው ምልክቶች ምንድን ናቸው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የተሰጣችሁን ምልክት ይዛችሁ ወደ ፎቶው ተመለሱ።

መልሱን በጥያቄው ውስጥ አታስገቡ። «መሠረቱ እየሰመጠ ነው አይደል?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ የመስማማት ዕድሉ ከፍተኛ ነው፤ እነዚህ ፕሮግራሞች ለጠያቂው ሐሳብ ያደላሉ። ጥርጣሬ ካላችሁ በእኩል ሚዛን ሁለት አማራጭ አድርጋችሁ አቅርቡት። መልሱ የሚጸና መሆኑን ለማወቅ ከፈለጋችሁ አዲስ ውይይት ከፍታችሁ ተቃራኒውን ጥርጣሬ ይዛችሁ ጠይቁ። ሁለቱንም ጊዜ «ልክ ነህ» ከተባላችሁ መልሱ ከፎቶው አልመጣም፤ ከጥያቄያችሁ ነው የመጣው።

ጥያቄው በትክክል ተጽፎም መልሱ ጥቅል ሆኖ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ያኔ ቃላቱን ከመቀያየራችሁ በፊት ፎቶውን መርምሩ። ሂሳቡ ቀላል ነው። የፎቶው ወርድ 4000 ፒክስል፣ የያዘው ግድግዳ ደግሞ 4 ሜትር ቢሆን አንድ ፒክስል 1 ሚሊ ሜትር ይሸፍናል። ብዙ የኤአይ አገልግሎቶች ትልቅ ፎቶ ሲላክላቸው አሳንሰው ነው የሚያዩት። ወደ 1500 ፒክስል ወርድ ካነሰ አንድ ፒክስል 2.7 ሚሊ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ 1 ሚሊ ሜትር የሆነው ስንጥቅ ከአንድ ፒክስል ግማሽ እንኳ አይሞላም። ጠርዙ ወጣ ማለቱን ተመልከት ብላችሁ ብትለምኑት ከየት ያመጣዋል? ቀረብ ብላችሁ 40 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሚይዝ ፎቶ ብታነሡ ግን ተመሳሳዩ ስንጥቅ ከሦስት ፒክስል በላይ ይይዛል። ከትልቁ ፎቶ ቆርጦ መላክም ይረዳል፤ ሳያሳንሱ የመጀመሪያውን ፒክስል ስለሚያተርፍ። ትኩረቱ ያልጠራ ፎቶን መቁረጥ ግን ብዥታውን ያጎላል እንጂ አያጠራውም።

የቀረበውን ፎቶ ስትልኩ ሰፊውንም አብራችሁ ላኩ፤ «የመጀመሪያው ስንጥቁ የት እንዳለ ያሳያል፤ ሁለተኛው ከመስኮቱ ጥግ በላይ ያለው ክፍል ነው፤ መልስህን በሁለተኛው ላይ መሥርት» በሉ። ቀረብ ያለው ብቻውን ከተላከ የላይና የታች አቅጣጫው ይጠፋል፤ ወደ ላይ ይሰፋል ወይስ ወደ ታች የሚለው ጥያቄም መልስ ያጣል።

ሌላ መታወቅ ያለበት፣ የመጀመሪያው መልስ በዚያው ውይይት ውስጥ ይቀመጣል፤ ሁለተኛውም በእሱ ላይ ይገነባል። ጥቅል ብቻ ከሆነ ችግር የለም፣ እዚያው ቀጥሉ። ስንጥቁን የኤሌክትሪክ ገመድ ወይም ጥላ ብሎ ከተሳሳተ ግን እርማት ከመደራረብ አዲስ ውይይት ከፍታችሁ ከላይ ያለውን ሙሉ ጥያቄ ከፎቶዎቹ ጋር መላክ ይሻላል። እርማቱን ተቀበልኩ ብሎ ከሁለት አንቀጽ በኋላ ወደ ገመዱ ሲመለስ ታገኙታላችሁ።

በምንም ዓይነት አጠያየቅ ከአንድ ፎቶ የማይገኝ ነገር ደግሞ አለ፦ ስንጥቁ አሁንም እየሰፋ ነው ወይስ ቆሟል የሚለው። ለዚህ ከስንጥቁ ጫፍ ላይ በእርሳስ ትንሽ መስመር አስምሩና ቀኑን ጻፉ፤ ማስመሪያውን በስንጥቁ ላይ አግድም ይዛችሁ ከፊት ለፊት ፎቶ አንሡ። ከአንድ ወር በኋላ ከዚያው ርቀት፣ በዚያው ብርሃን ድገሙት። ሁለቱን ፎቶ ስትልኩ ስንጥቁ ከእርሳሱ መስመር አልፎ እንደሆነ ጠይቁ። የማስመሪያውን ቁጥር ግን ራሳችሁ አንብባችሁ በጽሑፍ ስጡት፤ ቀጫጭን መስመሮችን መቁጠር ላይ ኤአይ ይሳሳታል፣ በዚህ ጉዳይ ደግሞ የግማሽ ሚሊ ሜትር ልዩነት ውሳኔውን ሊቀይር ይችላል።