ክሊኩን ከድምፁ ጋር ማግጠም

«የሶፍትዌር ማሳያ ቪዲዮዬ ላይ ድምፄ ከክሊኩ ይቀድማል ወይም ይዘገያል። እንዴት ላስተካክለው?»

ድምፁን አይንኩት፤ ምስሉን ያስተካክሉ። የተጎተተ ንግግርን ጆሮ ወዲያው ያውቀዋል፤ ለአፍታ የቆመ ስክሪን ግን ብዙም አይታወቅም። ስለዚህ ትረካውን ቀድተው ከጨረሱ በኋላ የስክሪን ቅጂውን ከእያንዳንዱ ክሊክ ጥቂት ቀደም ብለው ይቁረጡ። ንግግሩ ከረዘመ እዚያው ያለውን ፍሬም አቁመው ያስረዝሙት፤ ካጠረ ከማውዙ ጉዞ ላይ ይቀንሱ።

በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ቦታውን ለማግኘት አይቸገሩም። «አስቀምጥ የሚለውን ይጫኑ» ሲሉ ቀስቱ «አስቀምጥ» ላይ ቁልፉ ዘንድ ይድረስ፤ ክሊኩ «ይጫኑ» ላይ ይረፍ።

መጀመሪያው ገጥሞ ወደ መጨረሻው እየተራራቀ የሚሄድ ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የቅጂው የፍሬም ፍጥነት መዋዠቁ ነው። ከመቁረጥዎ በፊት ffmpeg በተባለው የትእዛዝ መስመር ፕሮግራም በሰከንድ ቋሚ 30 ፍሬም ያድርጉት፦

```
ffmpeg -i in.mp4 -vf fps=30 -c:a copy out.mp4
```