«ስ» ስትወጋ፣ «ስ» ስትጠፋ

ሰሞኑን የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ቅጂ ላይ ጆሮ በምትወጋው «ስ» ላይ ተጠምደዋል። ትረካ የምትቀርጹ በዝታችኋል ማለት ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ ባለቤቶቹ ይቅር ይበሉኝ።

«ጋሼ፣ ዲኤሰር ከኮምፕረሰር በፊት ነው በኋላ? አንዱ እንዲህ ይላል፣ ሌላው እንዲያ። ግራ ገባኝ።»

ለትረካ ከሆነ በኋላ። ኮምፕረሰር የሚይዘው ጎላ ያለውን ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ አናባቢው ነው። «ስ» ዝቅ ብላ ስለምትቀመጥ ሳትነካ ታልፋለች። ከዚያ የወረደውን ድምፅ ለመመለስ ሁሉንም ወደ ላይ ስትገፋ እሷም አብራ ትወጣለች። ብዙ ሰው ጥሬው ቅጂ ላይ ያልሰማትን «ስ» እዚህ ላይ ይሰማና ማይኩን ይረግማል። ዲኤሰር ራሱ «ስ» ስትመጣ ብቻ የሚነቃ ኮምፕረሰር ነው። ችግሩ ከወጣ በኋላ ብታስቀምጠው ሥራውን ያገኘዋል።

ጥሬው ቅጂ ከመጀመሪያው የሚወጋ ከሆነ ግን ከፊትም ከኋላም ለስለስ ያለ አንድ አንድ አድርግ። ሁለት ጊዜ 3 ዴሲቤል መቀነስ አንዴ 6 ከመቀነስ ብዙ ጊዜ ያምራል። ደግሞ ከዲኤሰሩ በኋላ ትሬብል አትጨምር፤ ያወረድከውን መልሰህ ታነሳዋለህ።

«አውዳሲቲ ውስጥ ዲኤሰር የት ነው ያለው? ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት።»

አብሮት አይመጣም። TDR Nova የሚባለውን ነጻ ፕለጊን ጫኚበት፤ ስሙ ዲኤሰር ባይሆንም ሥራውን ይሠራል።

«ዲኤሰር ስለሌለኝ ትሬብሉን በኢኪው ቀነስኩት። «ስ» ለዘብ አለች፤ ድምፄ ግን ታፈነ።»

ኢኪው ሁልጊዜ ይቆርጣል፤ «ስ» ግን የምትመጣው አልፎ አልፎ ነው። ለአፍታ ጥፋት ሙሉ ንባቡን ቀጣኸው። ትሬብሉን ወደ ቦታው መልስና ከላይ የጠቀስኩትን ነጻ ፕለጊን ሞክር።

«ባለቤቴ "የፊት ጥርሱ የወለቀ ሰው ትመስላለህ" አለችኝ። እኔ ሜትሩን ሳየው በደንብ እየሠራ ነው። ዲኤሰሩ እንደበዛ በምን ልወቅ?»

ባለቤትህ ትክክል ናት። ሜትሩ ምን ያህል እንደቀነስክ ይነግርሃል እንጂ ምንህን እንደቀነስክ አይነግርህም።

የላክኸውን ፋይል ከነቅንብሩ አየሁት። ዲኤሰሩ ከ3 ኪሎኸርዝ ጀምሮ ወደ ላይ ያለውን ሁሉ እንዲይዝ ተደርጓል። «ስ» ላይ ሲደርስ እስከ 14 ዴሲቤል ያወርዳል። ሁለቱም በዝተዋል፤ የበለጠ የጎዳህ ግን የመጀመሪያው ነው። 3 ኪሎኸርዝ አካባቢ የ«ስ» ሰፈር አይደለም። እዚያ የምትገኘው «ሽ» ናት፤ «ኢ» እና «ኤ» ጥርት ብለው እንዲሰሙ የሚያደርገውም ክፍል እዚያው አካባቢ ነው። የወንድ «ስ» ጉልበቷ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ኪሎኸርዝ ላይ ነው። የሴት ከዚያ ከፍ ትላለች፤ 8፣ አንዳንዴም 9 ትደርሳለች። ሰው ከሰው ስለሚለያይ ቁጥሩ መነሻ ነው፤ የሚወስነው ጆሮ ነው።

በቅድሚያ የሚቆረጠውን ብቻ አዳምጥ። አብዛኞቹ ዲኤሰሮች ላይ ለዚህ የተሠራ ቁልፍ አለ። Adobe Audition ላይ Output Sibilance Only ይላል። ስትጫነው መሰማት ያለበት የ«ስ»፣ የ«ጽ»፣ የ«ዝ» ቁርጥራጭ ብቻ ነው፤ ትርጉም የሌለው እስስ ጽጽ። ያንተን ስከፍተው ግን «ይሄኔ» የሚለውን ቃል ሙሉውን ሰማሁት። «ይሄኔ» ውስጥ አንዲት «ስ» የለችም! ከተቆረጠው ውስጥ ቃል መለየት ከቻልክ ዲኤሰሩ ከድምፅህ እየበላ ነው።

ሌላው ምልክት ፊደል ከፊደል ሲምታታ ነው። «ስ» ከላይ ስትቆረጥ ወደ «ፍ» ትጠጋለች። የድሮ ስልክ ላይ «ስ» እና «ፍ» የሚምታቱብን ለዚህ ነው። መስመሩ ከ3.4 ኪሎኸርዝ በላይ አያሳልፍም፤ የ«ስ» ጉልበት ደግሞ ያለው ከዚያ በላይ ነው። አንተም ደህናውን ማይክ ስልክ አድርገኸዋል።

አማርኛ ላይ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ ይህንን የእንግሊዝኛ ቪዲዮዎቹ አይነግሩህም። «ጸ» መጀመሪያ እንደ «ጠ» ትፈነዳለች፤ ወዲያው አጭር የ«ስ» ጅራት ትከተላለች። ዲኤሰሩ ጅራቷን ሲቆርጣት «ጠ» ብቻ ይቀራል። አንተ «ጸሎት» ብለህ አንብበሃል፤ ፋይሉ ግን «ጠሎት» ይላል። እንደዚያ የሚናገር አካባቢ ሞልቷል፣ ነውርም የለውም፤ አንተ ግን እንደዚያ አላነበብክም።

መጥበቅና መላላትም አለ። «ይሰማል» ሲላላ ሰውዬው ይሰማል ነው፤ ሲጠብቅ ድምፁ ይሰማል ነው። የጠበቀችው «ስ» የምትታወቀው ረዘም ብላ በመቆየቷ ነው። 14 ዴሲቤል ካወረድካት ርዝመቷ ፋይሉ ላይ አለ፤ አድማጩ ግን በደንብ አይዘውም፤ ዓረፍተ ነገሩን ለመረዳት ወደ ኋላ ይመለሳል።

እንዲህ አስተካከልኩት። «ሰባት ሰዎች ጸሎቱን ሲሰሙ ጸጥ አሉ» የምትለውን ዓረፍተ ነገርህን ቆርጬ ደጋግማ እንድትጫወት አደረግኳት። «ስ»ም «ጸ»ም ስላለባት ለፈተና ትመቻለች። የዲኤሰሩን መነሻ ከ3 ወደ 5.5 ኪሎኸርዝ አወጣሁት። ዲኤሰሩ ከየት ጀምሮ እንደሚነቃ የሚወስነውን ትሬሾልድ መጀመሪያ ምንም እስከማይነካ ድረስ ወደ ላይ ሰቀልኩት፤ ከዚያ ቀስ እያልኩ አወረድኩት። ከሁሉም የምትወጋዋ የ«ሰባት» «ሰ» ነበረች። እሷ ላይ ሜትሩ 5 ዴሲቤል ሲያሳይ አቆምኩ። ሌሎቹ «ሰ»ዎች ላይ 2 እና 3 ያህል ነበር፤ አናባቢዎቹ ላይ መርፌው ንቅንቅ አላለም። በቃ፣ እዚህ ላይ ነው መቆም ያለበት። የመቀነሻውን ጣሪያም 6 ላይ ቆለፍኩት፤ ድንገት ብትጮህ እንኳ ከዚያ በላይ እንዳይነካት ነው።

ሁለት ቦታ ላይ «ሺህ» ስትል ያለችው «ሽ» አሁንም ትወጋ ነበር። መነሻውን ወደ 3 ብመልሰው ትያዝ ነበር፤ «ኢ» አብሮ ይጎዳል። ስለዚህ ሁለቱን «ሽ»ዎች ብቻ በእጄ መርጬ 4 ዴሲቤል አወረድኳቸው። ለሁለት ፊደል ሙሉውን ምዕራፍ መነካካት አያስፈልግም።

መጨረሻ ላይ ዓይንህን ጨፍነህ፣ ድምፁን ዝቅ አድርገህ፣ ዲኤሰሩን እያጠፋህ እያበራህ ስማ። ስታበራው «ስ» ቀለለች ካልክ ደህና ነው። ስታበራው ሰውዬው ተለወጠ ካልክ በዝቷል። ይህን ግን ረጅም ሰዓት ስታስተካክል ከዋልክ በኋላ አትሞክረው። «ስ»ን ብቻ ሲያድን የዋለ ጆሮ ሁሉም «ስ» ጠላት ይመስለዋል፤ ቆርጦም አይጠግብም። አንዳንድ ሄድፎን ደግሞ ልክ እዚያ ክፍል ላይ ራሱ ያጎላል። በማግስቱ ጠዋት በስልክህ ድምፅ ማጉያ ስማው። «ስ» ጨርሳ እንድትጠፋም አትፈልግ፤ ሰው ሲያወራ «ስ» ይላል።

«አንድ ቁጥር ብቻ ንገረኝ። ማብራሪያ አልፈልግም፣ ጊዜ የለኝም።»

15። ሴንቲሜትር ነው፤ በአፍሽና በማይኩ መሃል ያለው ርቀት። ማይኩን ከአፍሽ ፊት ለፊት ትንሽ ወደ ጎን አውጪና ፊቱን ወደ ከንፈርሽ ጥግ አዙሪው። ከጥርስ መሃል ቀጥ ብሎ የሚወጣው አየር ማይኩን አልፎት ይሄዳል። ዲኤሰሩን ከዚያ በኋላ ክፈቺው፤ ምናልባት ላያስፈልግሽ ይችላል። ይቅርታ፣ ማብራሪያ ሆነብሽ።

«ጥርሴን ካስተከልኩ ወዲህ «ስ» ስል ያፏጫል። ዲኤሰር ያጠፋልኛል? ዕድሜዬ የገፋ ነኝና ቀለል አድርገህ አስረዳኝ።»

አባቴ፣ ፉጨት አንድ ቦታ ላይ የቆመ ቀጭን ድምፅ ነው። ዲኤሰር ሰፋ አድርጎ ስለሚይዝ «ስ»ን ያደክምና ፉጨቱን ይተወዋል። የሚቀርጽልዎት ልጅ ፉጨቱ ያለበትን ነጥብ ፈልጎ፣ ፉጨቱ ሲመጣ ብቻ በሚቆርጥ ዳይናሚክ ኢኪው ጠበብ አድርጎ ይያዘው። ጥርሱን የተከለልዎትንም ሐኪም መቼስ ያሳዩት።

«ትረካዬ በኤፍኤም ሊተላለፍ ነው። ለሬዲዮ ሲሆን የበለጠ ልቁረጥ?»

ኤፍኤም ከማሠራጨቱ በፊት ቀጫጭኑን የድምፅ ክፍል ያጎላል፤ የአድማጩ ሬዲዮ መልሶ ይቀንሰዋል። በመሃል ያለው የጣቢያው ሊሚተር የምትጮህ «ስ» ሲያገኝ ይጫናታል፤ ያኔ ትሻክራለች። ስለዚህ የምትወጋ አትላክ። ከላይ ካልኩት በላይ ግን አትቁረጥ፤ ጣቢያው የራሱ ዲኤሰር ካለው ሁለት ጊዜ ይቆረጥብሃል። የጣቢያውን ቴክኒሻን ጠይቀው።

«ኤዲት ሳደርግ ከዋልኩ ማታ ቀኝ ጆሮዬ ይጮሃል። በዚያ ጆሮ «ስ» ታመኛለች፤ በግራው ምንም አይመስለኝም። ዲኤሰሩን ምን ያህል ልጨምር?»

ምንም አትጨምሪ። ይህ የዲኤሰር ጥያቄ አይደለም።

ሄድፎኑን ገልብጪና ቀኙን በግራ ጆሮሽ አድርጊው። ሕመሙ ከሄድፎኑ ጋር ወደ ግራ ከሄደ ምናልባት ጥፋቱ የዕቃው ነው። ቀኝ ላይ ከቀረ ግን ጆሮሽ ነው፤ ወደ ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ሂጂ። ጥፋቱ የዕቃውም ሆነ የጆሮሽ፣ ጩኸቱን ሐኪም ማየት አለበት፤ እስከዚያ ሄድፎን አታድርጊ። የምትጨርሽው ምዕራፍ ካለ ለሌላ ሰው ስጪው፤ በሚያም ጆሮ የተስተካከለ «ስ» ለአድማጩም አይሆንም። የአንድ ጆሮ መስማት በድንገት ከቀነሰብሽ ደግሞ «ነገ ያልፍልኛል» ብለሽ አትደሪ፤ በዚያው ቀን ሂጂ። እንዲህ ያለው ሕመም ሕክምናው በቀናት ውስጥ ሲጀመር ነው የተሻለ የሚሆነው።

ስትሄጂ ሥራሽን ንገሪያቸው። በቀን ስንት ሰዓት ሄድፎን እንደምታደርጊ፣ ድምፁን እስከ የት ከፍ እንደምታደርጊው፣ ጩኸቱ መቼ እንደጀመረሽ፣ ሳይጠይቁሽ ንገሪያቸው። የመስማት ምርመራም ይሠራልኝ በይ።