«ለምን» ሲጠየቅ ሁለት መልስ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ከአቃቂ ወጣ ብሎ ባለ ሰፈር ጎልማሶችን ማንበብና መጻፍ አስተምራለሁ። አጭር ታሪክ ጻፍኩላቸው። «ብርቄ ለምን በእግሯ ሄደች?» ስላቸው ግማሾቹ «ጎመን ልትሸጥ» ይሉኛል። ምክንያትና ውጤትን እንዴት ብዬ ልጠይቅ?

መልስ፦ ተማሪዎችዎ አልተሳሳቱም። «ለምን» ሲፈታ «ለ» እና «ምን» ነው። ስለዚህ ዓላማንም ምክንያትንም ይጠይቃል። «ልትሸጥ» ያለው ዓላማውን መለሰ፤ «ባጃጅ ስላልገባ» ያለው ምክንያቱን። ሁለቱም ትክክል ናቸው። መስተካከል ያለበት ጥያቄው ነው።

የላኩልኝን ታሪክ ትንሽ አሳጥሬዋለሁ፦

«ሌሊት ዝናብ ዘነበ። መንገዱ ጭቃ ሆነ። ባጃጅ ወደ ሰፈሩ መግባት አቃተው። ብርቄ ጎመኗን ተሸክማ በእግሯ ሄደች። ገበያ ስትደርስ ረፍዷል። ጎመኑን ፀሐይ መታው። ጎመኑ ጠወለገ። በግማሽ ዋጋ ሸጠችው።»

ሆን ብዬ «ስለ» የሚል ቃል አላስገባሁም። ማያያዙን ተማሪው ራሱ ይሥራው።

አሁን «ብርቄ ምን ሆና በእግሯ ሄደች?» ብለው ይጠይቁ። ለዚህ «ልትሸጥ» ብሎ መመለስ አይመችም። «ምን ሆና» ያጋጠማትን ነገር ነው የሚጠይቀው። ሰፈር ውስጥም የምንለው እንዲሁ ነው። ለዕቃም ይሠራል፦ «ጎመኑ ምን ሆኖ ጠወለገ?»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለምንዎ። ብዙዎቹ «ፀሐይ መትቶት» ብለው ይመልሳሉ። «ስለመታው» አላሉም ብለው ኤክስ እንዳያደርጉባቸው። አማርኛ ምክንያትን በ«መትቶት» ዓይነት ግስም ይናገራል።

ግን እንዲህ ያለ ግስ ሁሉ ምክንያት አይደለም። «ተሸክማ ሄደች» አኳኋኗን ነው የሚነግረን። መለያው ቀላል ነው፤ በ«ስለ» ይቀይሩት። «ፀሐይ ስለመታው ጠወለገ» ይቆማል። «ጎመን ስለተሸከመች ሄደች» ግን የታሪኩን ሐሳብ ያበላሸዋል። ይህን ሰሌዳ ላይ አብራችሁ ሞክሩት፤ ጆሯቸው ወዲያው ይለየዋል።

ውጤትን ሲጠይቁ «ከዚያስ ምን ሆነ?» አይበቃም፤ ቀጥሎ የመጣውን ብቻ ያስቆጥራል። «መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ምን ሆነ?» ይበሉ። «ባጃጅ መግባት አቃተው» የሚለው ራሱ ይመጣል።

«ምክንያቱም»ን ለጊዜው ያቆዩት። አማርኛ ምክንያቱን አስቀድሞ ውጤቱን ማስከተል ይቀናዋል። «ምክንያቱም» ግን ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል፤ ገና ፊደል እየለቀመ ለሚያነብ ሰው ይከብዳል።

በጽሕፈት ጊዜ ደግሞ «ስለ»ን ይጠብቁ። ከስም በፊት ለብቻው ይጻፋል፤ «ስለ ዝናብ አወሩ» እንደሚባለው። ከግስ ጋር ግን ይጣበቃል፦ «ስለዘነበ»። በአሉታ ጊዜ «ስለ አልገባ» ብለው የሚለያዩት አሉ። «ስላልገባ» ነው፤ ሲናገሩት የሚሰማውም እንደዚያው ነው።