ስንት ታካሚ ትይዣለሽ?

ውድ ልጆች፣

ሰሞኑን እዚሁ ሐዋሳ የምትሠራ ወጣት ነርስ ሲቪዋን ይዛ ቤቴ መጣች። ለውጭ ሆስፒታሎች ልታመለክት ነው። ቡናው እስኪፈላ አገላብጬ ሳየው «ሲስተር፣ የምይዘውን የታካሚ ብዛት ልጻፈው ወይስ ልተወው? በጣም ብዙ ስለሆነ እንዳያሳፍረኝ ብዬ ነው» አለችኝ። ለእሷ የመለስኩላት በአጭሩ ነው። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ይህን ለሁላችሁም ልጽፍ ተነሣሁ።

አብራኝ የተማረች፣ በኋላም በአንድ ክፍል የሠራን ጓደኛ ነበረችኝ። አይሲዩ ውስጥ እንደ እሷ ያለ እጅ አላየሁም። የቬንቲሌተር ማንቂያ ሲጮኽ ሌሎቻችን ማሽኑን ስናይ እሷ በሽተኛውን ነበር የምታየው፤ ቱቦው ታጥፎ ይሁን፣ አክታ ዘግቶት ይሁን፣ ሰውየው ከማሽኑ ጋር እየታገለ ይሁን ከደረቱና ከፊቱ ትለያለች። ያን ጊዜ ክፍላችን ውስጥ ኢንፊውዥን ፓምፕ አልነበረም፤ ጠብታ የምንቆጥረው የእጅ ሰዓት እያየን ነው። አንድ ሊትር በስምንት ሰዓት ውስጥ ይግባ ተብሎ ሲታዘዝ፣ አንዱን ሚሊ ሊትር በ20 ጠብታ በሚያወርደው የጠብታ ቱቦ በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ ይሆናል። መብራት ሲጠፋ እኔ ባትሪ አበራላታለሁ፣ እሷ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትቆጥራለች። አንድ ሌሊት አንድ አስታማሚ ጸሎት የምታደርስ መስሎት ከጎኗ ተንበርክኮ «አሜን» ሲል ሁለታችንም በሳቅ ፈነዳን፤ ቆጠራውም ተበላሸ፣ እንደገና ከአንድ ጀመረች።

የአንድ የባሕረ ሰላጤ አገር ሆስፒታል ሰዎች ነርስ ሊቀጥሩ አዲስ አበባ መጡና ሆቴል ውስጥ ቃለ መጠይቅ ያዙ። ጓደኛዬ ሄደች። ሲቪዋ ላይ የአይሲዩ ነርስ መሆኗ ተጽፏል፤ እውነት ነው። ጠያቂዋ ስለ ሥራው ጠየቀቻት፣ አንድም ሳታስቀር መለሰች። ከዚያ ሴትየዋ የሥራ ልምድ ደብዳቤዋን አነሣች። ደብዳቤው የምታውቁት ዓይነት ነው፤ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በክሊኒካል ነርስነት አገልግላለች፣ ደመወዟ ይህን ያህል ነው፣ የሥራ ግብር ከፍላለች፣ በጠየቁት መሠረት ይህ ማስረጃ ተሰጥቷቸዋል። አይሲዩ የሚል ቃል የለበትም። «አይሲዩ ውስጥ መሥራትሽን የሚያሳየው የትኛው ወረቀት ነው?» ተባለች።

በማግስቱ በንጋቱ አውቶቡስ ሐዋሳ ገባች። ተያይዘን አስተዳደር ቢሮ ሄድን። የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ደንቡ ከሚለው ግን ንቅንቅ አይልም። «የተቀጠረችበት መደብ ክሊኒካል ነርስ ነው። አይሲዩ የሚባል መደብ የለንም። በሌለ መደብ እንዴት አድርጌ ልጻፍ?» አለን። የክፍሉ ኃላፊ እኔ ነበርኩና የተረኞችን ፕሮግራም ከግድግዳ ነቅዬ አመጣሁለት፤ ስሟ በየወሩ አለበት። አየው፣ መለሰልኝ፣ «ማኅተም የለውም» አለ። ለማኅተም ስንመላለስ ሆቴሉ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ዝርዝራቸውን ዘግተው አገራቸው ገቡ።

በሌላ ጊዜ ሄደች፤ ግን ለጠቅላላ ዋርድ ተቀጥራ፣ ባነሰ ደመወዝ። የአይሲዩ ሥራዋን እዚያ አላስቆጠሩላትም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይኸው ነው። ሲቪዋ አንድም ውሸት የለበትም ነበር፤ ከሲቪው ያነሰው ደብዳቤው ነው።

የዛሬው አሠራር ደግሞ ከዚያን ጊዜው የበለጠ ጥብቅ ነው። ለባሕረ ሰላጤ አገሮች ካመለከታችሁ ዳታፍሎው የሚባለው አጣሪ ድርጅት ዲግሪያችሁን፣ ፈቃዳችሁንና የሥራ ልምዳችሁን ከሰጣችሁ መሥሪያ ቤት በቀጥታ ይጠይቃል። እናንተ ያላችሁትንና መሥሪያ ቤቱ ያለውን ጎን ለጎን አድርጎ ነው የሚያየው። እናንተ ግን የምትጀምሩት ከኋላ ነው፤ ቴሌግራም ላይ ሲቪ ታሠሩና ደብዳቤው በመጨረሻ ይታሰባችኋል። መጀመሪያ ደብዳቤውን አውጡ። በየትኛው ክፍል ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራችሁ፣ ክፍሉ ስንት አልጋ እንዳለው፣ በሳምንት ስንት ሰዓት በሙሉ ጊዜ እንደሠራችሁ ይጻፍበት። መደቡ «ነርስ» ቢሆንም «በአይሲዩ ተመድባ» የሚለውን ሐረግ መጨመር መደቡን አይለውጠውም፤ ማትሮኗ በፊርማዋ ብትጠይቅላችሁ ብዙ ቢሮ ይጽፈዋል። ሲቪውን ከዚያ ደብዳቤ ላይ ጻፉት።

አሁን ወደ ልጅቷ ጥያቄ። ይጻፍ። ግን እሷ እንደጻፈችው አይደለም። ሜዲካል ዋርድ ስትሠራ «28 ታካሚዎችን ተንከባክቤያለሁ» ብላለች። ጠየቅኋት። ዋርዱ 28 አልጋ አለው። ቀን አራት ነርስ ይገባል፤ ለአንዷ ሰባት ይደርሳታል። ሌሊት ሁለት ነርስ ብቻ ነው፤ 14 ትይዛለች። ከዚያ ወደ አይሲዩ ተዛውራለች፤ ስድስት አልጋ፣ በየፈረቃው ሁለት ነርስ፣ ማለት ለአንዷ ሦስት፤ ቬንቲሌተር ሁለት። በእነዚህ ቁጥሮች እያንዳንዱ ሥራ በአንድ መስመር ያልቃል፤ የአልጋው ብዛት፣ ቀን ለአንድ ነርስ ስንት፣ ሌሊት ስንት፣ ታካሚዎቹስ ምን ዓይነት ሰዎች እንደሆኑ። «ስትሮክ፣ የልብ ድካም፣ ከስኳር የመጣ ኬቶአሲዶሲስ፣ ከባድ ወባ» ብትል አንባቢው ዋርዱን ያየዋል። «በወር 200 ታካሚ» የሚለውን ግን ሰርዣለሁ፤ ማንም ከዚያ ቁጥር ምንም አያነብም።

ለምን ይጠይቃሉ ብትሉ፣ እነሱ አገር ይህ ቁጥር በሕግ ጭምር የሚያዝበት ቦታ አለ። ካሊፎርኒያ በሕጓ አንድ ነርስ አይሲዩ ውስጥ ከሁለት፣ በሜዲካልና ሰርጂካል ዋርድ ከአምስት ታካሚ በላይ እንዳትይዝ ትከለክላለች። ያን ለለመደ ሰው 28 የሚለው ወይ ውሸት ነው ወይ አደጋ ነው። ሌሊት 14 የሚለውን ግን ከቀኑ ሰባት ጋር ካየው ይገባዋል፤ ቀጥሎ የሚጠይቃችሁም «ማንን አስቀድመሽ ታያለሽ?» ብሎ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኛ 14 መያዝ የቻልነው አስታማሚ ስላለ ነው። የሚያጥበው፣ የሚያበላው፣ ሽንት ቤት የሚያደርሰው ቤተሰቡ ነው። እዚያ ይህ በአብዛኛው የነርሷና የረዳቷ ሥራ ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ ሲነሣ ሳትደብቁ ንገሯቸው፤ ደግሞ ከመሄዳችሁ በፊት በሽተኛ ማጠብ ልመዱ። የዛሬ ልጆች ዲግሪ ይዘናል ብላችሁ አልጋ ማንጠፍ ታፍራላችሁ፣ አይቻለሁ።

በስፔሻሊቲው በኩል «የቬንቲሌተር እንክብካቤ፣ የደም ጋዝ ምርመራ» ብላ ጽፋ ነበር። ምን ምን ብቻሽን ትሠሪያለሽ ስላት፣ ሰክሽን ታደርጋለች፣ በየሰዓቱ ቻርት ታደርጋለች፣ ማንቂያ ሲጮኽ መንስኤውን ትፈልጋለች፤ ሴቲንጉን የሚቀይረው ሐኪሙ ነው። የደም ጋዝ ምርመራ በሆስፒታሉ የለም። ሁለቱን ለያየናቸው፤ ብቻዋን የምትሠራው አንድ መስመር፣ ሐኪም እያለ የምትሠራው ሌላ መስመር፣ የደም ጋዙ ወጣ። ቅር አላት። ቅር ቢላትም ጠያቂው ስለ ደም ጋዝ ውጤት ቢጠይቃት ምን ልትል ነው? ያለ ፓምፕ በጠብታ ቆጠራ መሥራቷን ደግሞ እንድትጨምር ነገርኳት፤ እሷ እንደ ድህነት ቆጥራ ትታው ነበር።

ፈቃድን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ ቁጥሩን፣ የሰጠውን ቢሮ፣ የተሰጠበትንና የሚያበቃበትን ቀን መጻፍ ታውቃላችሁ። ፈተና ማለፍና ፈቃድ መያዝ ግን አንድ አይደለም። በኮምፒውተር የሚሰጠውን የእንግሊዙን ሲቢቲ ያለፈ ሰው ኦስኪ የሚባለው የተግባር ፈተና ይቀረዋል፤ እስኪመዘገብ ድረስ «ሲቢቲ አልፌያለሁ» ይበል እንጂ «በእንግሊዝ የተመዘገብኩ ነርስ ነኝ» አይበል። እኛ ሐዋሳ ያለን ሰዎች ደግሞ የራሳችን ጣጣ አለን። ብዙዎቻችሁ ፈቃድ የወሰዳችሁት ከደቡብ ክልል ጤና ቢሮ ነው። ሲዳማ በ2020 እንደ ፈረንጆቹ ራሱን የቻለ ክልል ሆነ፤ የቀረው ደቡብም በ2023 ተከፋፍሎ የድሮው የደቡብ ክልል ዛሬ የለም። ሲቪው ላይ ፈቃዱ ላይ እንዳለው ጻፉት፤ ስሙን በራሳችሁ አታድሱት። ፋይላችሁ አሁን በየትኛው ቢሮ እንዳለ ግን ሳታመለክቱ በፊት በእግራችሁ ሄዳችሁ አረጋግጡ፤ አጣሪው ለሌለ ቢሮ ቢጽፍ መልስ አያገኝም።

ቀንም እንዲሁ። ደብዳቤያችሁ በእኛ አቆጣጠር ነው። ዓመቱን ወደ ፈረንጆቹ ስትመልሱት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ነው የሚደመረው። አንዷ ልጅ ከመስከረም 2008 ጀምራ እስከ ሰኔ 2012 ሠርታለች፤ ሁለቱንም በስምንት ደመረችና 2016 እስከ 2020 አለች። ትክክለኛው ሴፕቴምበር 2015 እስከ 2020 አጋማሽ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ጣለች፤ ከደብዳቤውም ጋር ተጣላች።

ቀለም ያለው አብነት፣ ፎቶ፣ ለእንግሊዝኛ አራት ኮከብ መስጠት፣ እነዚህን ተዉ። ከቴሌግራም የተገዛ ሲቪ አይቻለሁ፤ የሌላ ሰው ሆስፒታል ስም ሳይጠፋ ቀርቶበት። እኔ አጭር ሲቪ እወዳለሁ፣ አንድ ገጽ ይበቃል እል ነበር። የልጅቷ ግን ሁለት ገጽ ሆነ፤ ሁለት ክፍል ስለሠራች ከዚያ በታች አልጨመቅ አለኝ። ብትቀሩልን ደስ ይለኝ ነበር፣ ሐዋሳም ነርስ አይበቃትም፤ የምትሄዱ ከሆነ ግን በሠራችሁት ልክ ተቆጠሩ።

ደብዳቤው ሲወጣ የወጪ ቁጥርና ቀን እንዳለው እዩ፤ ቅጂው በግል ማኅደራችሁ ውስጥ መግባቱንም ጠይቁ። ከአጣሪው የሚመጣውን ኢሜይል የሚከፍተው ማን እንደሆነ ከመዝገብ ቤት አጣሩና ያንን ሰው አግኝታችሁ ደብዳቤ እንደሚመጣ ቀድማችሁ ንገሩት። ብዙ ማጣራት የሚዘገየው ኢሜይሉን የሚከፍት ሰው ጠፍቶ ነው።