ለጋዜጣ ገጽ ፎንት ለምትመርጡ ወጣቶች

ውድ የሙያ ልጆቼ፣ የገጽ ቅንብር የጀመሩ ወጣቶች ለረጅም ጽሑፍ ፎንት ሲመርጡ አዘውትሬ የማየው ፊደሉን በስክሪን ላይ አጉልተው ሲያደንቁ ነው። አንባቢው ግን የሚያገኘው ፊደል ቁመቱ ሁለት ሚሊሜትር ተኩል ገደማ ሆኖ፣ ቀለም በሚመጥ የጋዜጣ ወረቀት ላይ የታተመውን ስለሆነ፣ ፍርዱም በዚያው መጠን መሰጠት አለበት።

በዚህ መጠን ፊደላችንን ሁለት ተቃራኒ ችግሮች ይገጥሙታል። የመጀመሪያው የቀለም መስፋፋት ነው። ሣልሱንና ኀምሱን በብዙ ፊደላት የሚለየው በእግሩ ያለችው ትንሽ ቀለበት ናት፤ ቀዳዳዋ በቀለም ከተደፈነ «ቤት» «ቢት» ይመስላል፣ «ሴት» ደግሞ «ሲት»። ሁለተኛው የቀጭን መስመር መጥፋት ነው። በብራና አጻጻፍ ቁም መስመሩ ወፍራም፣ አግድሙ ቀጭን ነው፤ ይህን የብዕር መልክ አጥብቆ የያዘ ፎንት ሲያንስ በ«ሸ» አናት ላይ ያለችው አግድም መስመር ትሳሳለች፣ «ሸማ» የሚለውም ቃል «ሰማ» ተብሎ ይነበባል። እንዲህ ያለውን ስሕተት አራሚ አያገኘውም፣ ምክንያቱም የተጻፈው ትክክል ነው፤ የጠፋው በኅትመት ነው። ስለዚህ የምትፈልጉት አግድሙ የማይጠፋ፣ ቀለበቱም የማይደፈን ፎንት ነው፤ መስመሩን በማወፈር ብቻ አንዱን ስታድኑ ሌላውን ታጣላችሁ።

አሁን አቢሲኒካና ኖቶ ሰሪፍ የተባሉትን ሁለት የአማርኛ ፎንቶች ማወዳደር ፈለጋችሁ እንበል። ሁለቱንም በ10 ነጥብ ማስቀመጥ ፍትሐዊ አይደለም፤ ነጥቡ አንድ ቢሆንም የፊደሉ ቁመት ከፎንት ፎንት ይለያያልና። የ«ሀ»ን ቁመት በማስመሪያ ለክታችሁ እኩል እስኪሆን አስተካክሉ። ከዚያ ቤ፣ ቢ፣ ሴ፣ ሲ፣ ሸ፣ ሰ፣ ኘ እና ነ የበዙበትን አንድ አንቀጽ በሁለቱም አስፍራችሁ፣ ማተሚያ ቤቱ በሚጠቀምበት ወረቀት ላይ አሳትሙ። ይህ ካልተቻለ የታተመውን ፎቶ ኮፒ አድርጉ፣ ኮፒውንም እንደገና ኮፒ አድርጉት። የቀለሙን መስፋፋት በትክክል ባይተካም፣ ደካማዎቹ ፊደላት ቶሎ ይጋለጣሉ። ጽሑፉን ለማያውቅ ሰው ሰጥታችሁ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ የሚደናቀፍባቸውን ፊደላት ምልክት አድርጉባቸው።

እኔ አቢሲኒካን ጥሩ ወረቀት ላለውና ፊደሉ ከፍ ላለ መጽሐፍ እመርጠዋለሁ፤ የብራናውን መልክ ስለሚጠብቅ እወደዋለሁም። ለጋዜጣ ግን ወደ ኖቶ ሰሪፍ አዘነብላለሁ፣ ብዙ ውፍረቶች ስላሉት መደበኛው ቢሳሳ አንድ ደረጃ ከፍ ማለት ይቻላል። ወፍራም ቅርጽ የሌለውን ፎንት ግን ፕሮግራሙ በራሱ እንዲያወፍረው አትፍቀዱ፤ ዙሪያውን ሁሉ እኩል ስለሚያሰፋው መጀመሪያ የሚደፈነው ቀለበቱ ነው። በመስመሮች መካከልም ለጋስ ሁኑ፤ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ስለሌለው መስመሩ ከዳር እስከ ዳር ሙሉ ነው፣ ለ10 ነጥብ ፊደል ከአንዱ መስመር እግር እስከ ቀጣዩ መስመር እግር ከ14 ነጥብ በታች ብትሰጡት ዓይን የሚቀጥለውን መስመር ይስታል።